ባዶ ሕዋስና ዜሮ፦ ከጅማሬና ከማቋረጫ ቀኖች የቆይታ ሠንጠረዥ አሠራር



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ በየወሩ እየከፈሉ አንድን አገልግሎት ከሚጠቀሙ ደንበኞች መካከል፣ ከጀመሩ አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ሲሞላቸው ምን ያህሉ እንደቆዩ ያሳያል። በአንድ የቀን መቁጠሪያ ወር ውስጥ የጀመሩት ሰዎች በአንድ ረድፍ ይሰፍራሉ። ዓምዶቹ ከጅማሬ በኋላ ያለፉትን ወሮች ይይዛሉ። ረድፉና ዓምዱ በሚገናኙበት ሕዋስ ውስጥ እስከዚያ የቆዩት ሰዎች በመቶኛ ይጻፋሉ። አብረው የጀመሩትን ሰዎች የሙያው ቋንቋ ኮሆርት ይላቸዋል፤ እኔ በዚህ ንግግር «ምድብ» እያልሁ እጠራቸዋለሁ።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጥሬ መረጃ ሦስት ዓምዶች ብቻ ነው፦ የደንበኛው መለያ፣ የጀመረበት ቀን፣ ያቋረጠበት ቀን። እንዲህ ትንሽ ከሆነ መረጃ የሚወጣ ሠንጠረዥ አንድ ዓይነት መልስ ብቻ ይሰጣል ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው። ነገር ግን ከአንድ መረጃ፣ በአንድ ቀን፣ ሦስት ጥንቁቅ ሰዎች ለአንዲት ሕዋስ 35፣ 52 እና 67.5 በመቶ የሚሉ መልሶች ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። የሦስቱም መጠይቅ ያለ ስሕተት መልእክት ይሠራል። ልዩነቱ የሚመነጨው በማቋረጫው ዓምድ ውስጥ ከሚገኘው ባዶ ቦታ ነው፤ ስለዚህ ጊዜዬን በአብዛኛው ለእርሱ እሰጣለሁ።

ለንግግሩ ያዘጋጀሁት ምሳሌ ይህ ነው። አንድ የኢንተርኔት ንባብ አገልግሎት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2024 ዓመት በጃንዋሪ 40፣ በፌብሩዋሪ 50፣ በማርች 60 ደንበኞች መዘገበ እንበል። የመረጃ ቋቱ ቅጂ የተወሰደው ኤፕሪል 15 ቀን ነው። ከጃንዋሪዎቹ 40 ሰዎች ውስጥ 22ቱ ከ1 እስከ 15 ባሉት ቀኖች፣ 18ቱ ደግሞ ከ16 እስከ 31 ባሉት ቀኖች ጀምረዋል። የምንፈልገው የጃንዋሪን ምድብ የሦስተኛ ወር ቆይታ ነው።

ኤፕሪል 15 ላይ ቆመን ወደ ኋላ እንመልከት። የመጀመሪያዎቹ 22 ሰዎች ሁሉም ሦስት ወር የሚሞላቸውን ቀን አልፈዋል ወይም ደርሰውበታል። ከእነርሱ 14ቱ ቆይተዋል፣ 8ቱ ቀድመው አቋርጠዋል። የቀሩት 18 ግን ሦስት ወር አልሞላቸውም፤ ጃንዋሪ 28 የጀመረ ሰው ሦስተኛ ወሩ የሚሞላው ኤፕሪል 28 ነው። ከ18ቱ 5ቱ አስቀድመው አቋርጠዋል፣ 13ቱ እስከ ዛሬ አሉ።

እንግዲህ የእነዚህ 13 ሰዎች የማቋረጫ ዓምድ ባዶ ነው፤ በኤስኪውኤል ቋንቋ `NULL` ነው። የመጀመሪያው ባለሙያ ባዶውን «አላቋረጠም» ብሎ ያነበዋል፤ ስለዚህ 14ን ከ13 ደምሮ 27ን ለ40 ያካፍልና 67.5 በመቶ ያገኛል። ሁለተኛው ባለሙያ ባዶውን በዛሬ ቀን ይተካዋል፤ ከዚያም ከጅማሬ እስከዚያ ያለውን ርዝመት ለክቶ ሦስት ወር ያልሞላውን ሁሉ «አልቆየም» ይላል። ለእርሱ መልሱ 14 ለ40፣ ማለትም 35 በመቶ ነው። የመጀመሪያው ገና ያልተፈተኑትን ሰዎች እንዳለፉ ቆጠራቸው፣ ሁለተኛው እንደወደቁ ቆጠራቸው። ሁለቱም ቁጥሮች በአንድ ስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ቢቀርቡ አንዱ የጃንዋሪውን የማስታወቂያ ዘመቻ ያስደግመዋል፣ ሌላው ያስቆመዋል።

ሦስተኛው ባለሙያ ከሁለቱ ይልቅ ንቁ ነው፤ በእኔ ግምትም ከሁሉ ይልቅ አደገኛው መንገድ የእርሱ ነው፣ ምክንያቱም ትክክል ይመስላል። «ውጤታቸው የማይታወቀው 13ቱ ብቻ ናቸው፤ እነርሱን ላስወጣና በሚታወቁት ላይ ላስላ» ይላል። ስለዚህ ታህቱ 22 ሲደመር 5፣ ማለትም 27 ይሆናል፤ 14 ለ27 ደግሞ 51.9 በመቶ ነው። ጥፋቱ የት ላይ ነው? ከሁለተኛው አጋማሽ ጀማሪዎች መካከል ያቋረጡትን አስገብቶ ያላቋረጡትን አስወጥቷል። አንድ ሰው በስሌቱ ውስጥ መግባቱ የተወሰነው በራሱ ውጤት ነው። ፈተና ላይ የወደቁትን ተማሪዎች ውጤት ቀድሞ ለጥፎ የሌሎቹን ሳይጠብቅ የክፍሉን አማካይ እንደሚያሰላ መምህር ነው።

ደንቡ እንግዲህ ይህ ነው፦ አንድ ሰው በአንድ ሕዋስ ታህት ውስጥ መግባት አለመግባቱ በጀመረበት ቀንና ቅጂው በተወሰደበት ቀን ብቻ ይወሰን፤ የማቋረጫ ቀኑ በዚህ ውሳኔ ውስጥ ምንም ድርሻ አይኑረው። በዚህ ደንብ 18ቱ ሁሉ፣ ያቋረጡትም ያላቋረጡትም፣ ከሦስተኛው ወር ስሌት ይወጣሉ፤ 14 ለ22 ደግሞ 63.6 በመቶ ይሆናል። ማቋረጫው የታወቀን ሰው ከስሌት ማስወጣት መረጃ እንደማባከን ሊመስላችሁ ይችላል። የሚመዝነውን ሚዛን ያልጠበቀ መረጃ ግን ቢጨመር ውጤቱን ያዛባል እንጂ አያጠራውም።

ሆኖም 63.6 የ22 ሰዎች እንጂ የ40 ሰዎች ቁጥር አይደለም። ከጎኑ ያለው የሁለተኛ ወር ሕዋስ የሁሉንም 40 ሰዎች ቆይታ ይዟል፤ ከእነርሱ 30ው ቆይተዋልና 75 በመቶ ነው። በአንድ ረድፍ ላይ ጎን ለጎን የቆሙት ሁለት ቁጥሮች ስለ ተለያዩ ሰዎች የሚናገሩ ከሆነ አንባቢው ከ75 ወደ 63.6 የወረደውን ልዩነት በሙሉ የማቋረጥ ውጤት አድርጎ ይወስደዋል። 22ቱ ግን ሁለት ወር ሲሞላቸው 16 ስለነበሩ የራሳቸው የሁለተኛ ወር ቆይታ 72.7 በመቶ ነበረ። ስለዚህ ለሚታተም ሠንጠረዥ የምመርጠው ጠበቅ ያለውን መንገድ ነው፤ የምድቡ የመጨረሻ ጀማሪ እስከዚያ ወር ካልደረሰ ሕዋሱ ባዶ ይቅር።

ወደ መጠይቁ ከመሄዳችን በፊት ወርን እንዴት እንደምንቆጥር መወሰን አለብን። ብዙ ጊዜ የሚታየው ዘዴ ከማቋረጫው የቀን መቁጠሪያ ወር የጅማሬውን ወር መቀነስ ነው። ጃንዋሪ 31 ጀምሮ ፌብሩዋሪ 1 ያቋረጠ ሰው በዚህ ስሌት አንድ ወር ቆየ ይባላል፤ ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ጃንዋሪ 31 ያቋረጠው ደግሞ ዜሮ ወር። የኤስኪውኤል ሰርቨር `DATEDIFF(month, ...)` የሚቆጥረው ይህንኑ፣ የተሻገሩትን የወር ድንበሮች ነው፤ ስሙ ግን የወር ርዝመት የሚለካ ያስመስለዋል። በየወሩ ለሚከፈል አገልግሎት ትርጉም ያለው ቆጠራ ከጀመረበት ቀን ላይ ወር እየደመሩ መሄድ ነው፤ የሚቀጥለው ክፍያ የሚጠየቀው በዚያ ቀን ነውና።

የወሩ መጨረሻ እዚህም ትንሽ ያስቸግራል። ፖስትግሬስኪውኤል በጃንዋሪ 31 ቀን 2024 ላይ አንድ ወር ሲደምር ፌብሩዋሪ 29 ይሰጣል። በእነዚሁ ሁለት ቀኖች መካከል ያለውን ርቀት በ`age` ስትጠይቁት ግን «29 ቀን» ይላል፤ አንድ ወር አይልም። መደመሩና መቀነሱ ፍጹም ተቃራኒዎች አይደሉም። አንዱን መርጣችሁ በመጠይቁ ሁሉ በእርሱ ጽኑ፤ እኔ መደመሩን እመርጣለሁ።

መጠይቁ በፖስትግሬስኪውኤል እንዲህ ነው፦

```sql
CREATE VIEW cells AS
WITH s AS (
  SELECT start_date, cancel_date,
         date_trunc('month', start_date)::date AS cohort
  FROM subscriptions
)
SELECT s.cohort, m.k, count(*) AS started,
  count(*) FILTER (
    WHERE s.cancel_date IS NULL
       OR s.cancel_date > s.start_date + m.k * INTERVAL '1 month'
  ) AS stayed
FROM s CROSS JOIN generate_series(0, 12) AS m(k)
WHERE s.cohort + (m.k + 1) * INTERVAL '1 month'
      <= DATE '2024-04-15'
GROUP BY s.cohort, m.k;
```

ሦስት ነገሮችን ብቻ ላብራራ። `CROSS JOIN` እያንዳንዱን ደንበኛ ከ0 እስከ 12 ካሉት ወሮች ሁሉ ጋር ያጣምረዋል፤ ስለዚህ አንድ ሰው 13 ጊዜ ይገኛል፣ በእያንዳንዱም «በዚህ ወር ነበርህን?» ተብሎ ይጠየቃል። የታችኛው `WHERE` ስለ ማቋረጫ ቀን አንድም ቃል እንደማይናገር ልብ በሉ፤ የሚያየው የምድቡን ወርና የቅጂውን ቀን ብቻ ነው። ከላይ ያልሁት ደንብ በኮዱ ውስጥ የተጻፈው በዚህች መስመር ነው። ለጃንዋሪና ለሁለተኛው ወር የሚሰጠው ቀን ኤፕሪል 1 ነውና ያልፋል፤ ለሦስተኛው ወር ሜይ 1 ይሆናልና ይቀራል።

ሦስተኛው ነገር የቆዩት የሚቆጠሩበት ሁኔታ በ`FILTER` ውስጥ መሆኑ ነው። ብዙ ተማሪዎች ይህንን ሁኔታ ወደ `WHERE` ያወርዱታል። ያን ጊዜ ታህቱ ራሱ ይጠፋል፤ ከዚህም በላይ ሁሉም አባላቱ ያቋረጡበት ሕዋስ አንድም ረድፍ ስለማይኖረው ከውጤቱ ይሰወራል። አንባቢው ያንን ባዶ ሲያይ «ገና አልደረሰም» ብሎ ይተረጉመዋል፣ እውነቱ ግን «ማንም አልቀረም» ነው። በ`FILTER` ሲጻፍ ሕዋሱ ይኖራል፣ በውስጡም 0 ይቆማል።

የማቋረጫው ቀን ከወሩ መሙያ ቀን ጋር እኩል ሲሆን ያ ሰው እንዳልቆየ ይቆጠራል፤ ምልክቱ `>` እንጂ `>=` አይደለም። ለቀጣዩ ወር ያልከፈለ ሰው ቀጥሏል አይባልምና። ከዚህ የተነሣ በጀመረበት ዕለት ያቋረጠ ሰው በዜሮኛው ወርም አይቆጠርም። ዜሮኛው ዓምድ ከ100 በታች ከሆነ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ ማለት ነው፤ ምን ያህል እንደሆኑ ማየት ይጠቅማል።

ሠንጠረዡን ወደ ጎን ለመዘርጋት ሁለተኛ አጭር መጠይቅ ይበቃል፦

```sql
SELECT cohort, max(started) AS n,
  max(100.0 * stayed / started) FILTER (WHERE k = 1) AS m1,
  max(100.0 * stayed / started) FILTER (WHERE k = 2) AS m2
FROM cells
GROUP BY cohort ORDER BY cohort;
```

እዚህ ላይ `100.0` ያለ ነጥብ አልተጻፈም፤ ፖስትግሬስኪውኤል ሙሉ ቁጥርን ለሙሉ ቁጥር ሲያካፍል ቀሪውን ስለሚጥል ከነጥብ በኋላ ያለው የመቶኛው ክፍል ይጠፋባችኋል። ውጤቱ ሲጠጋጋ ይህ ነው፦

| ምድብ | ጀማሪዎች | 1ኛ ወር | 2ኛ ወር |
|---|---|---|---|
| ጃንዋሪ | 40 | 85.0 | 75.0 |
| ፌብሩዋሪ | 50 | 82.0 | |
| ማርች | 60 | | |

ባዶዎቹን ሕዋሶች `COALESCE` በሚለው ተግባር ወደ ዜሮ የመለወጥ ፈተና ሁልጊዜ አለ፤ ሠንጠረዡን ሙሉ ያስመስለዋል። እንዲህ ከሆነ ግን ማርች 60ውንም ደንበኞች በአንድ ወር ያጣ ምድብ ሆኖ ይታያል፤ የዓምዱን አማካይ የሚያሰላ ሰውም ዜሮውን አብሮ ይደምረዋል። ባዶው በባዶነቱ ይቆይ።

«የ22ቱ ሰዎች መረጃስ በከንቱ ይቅር?» የሚል ካለ አይቅር። ይህ ጥያቄ ከኤስኪውኤል እጅግ የቀደመ ነው። ኤድመንድ ሃሌይ በ1693 ስለ ብሬስላው ከተማ የሕይወት ሠንጠረዥ ካሳተመ ጀምሮ የሕዝብ ቁጥርና የመድን ባለሙያዎች ገና በሕይወት ያሉትን ሰዎች እንዴት እንቁጠር እያሉ ኖረዋል፤ ካፕላንና ማየር በ1958 ያሳተሙት ዘዴም የሚመልሰው ይህንኑ ነው። በእጅ ሊሰላ የሚችለው የመድን ባለሙያዎች መንገድ እንዲህ ነው። ሁለት ወር ሲሞላቸው ከነበሩት 30 ሰዎች እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ 3ቱ አቋርጠዋል፣ 13ቱ ደግሞ ሦስተኛው ወር ሳይሞላ ምልከታችን ቆሞባቸዋል። 13ቱን በግማሽ ብንቆጥራቸው በአደጋ ላይ የነበሩት 30 ሲቀነስ 6.5፣ ማለትም 23.5 ይሆናሉ። 3 ለ23.5 ወደ 12.8 በመቶ ገደማ ነው፤ ቀሪውን 87.2 በ75 ስናባዛ የሦስተኛው ወር ግምት 65.4 በመቶ ይወጣል። ይህ ግን ግምት ነው፤ ዘግይተው የጀመሩት ቀድመው እንደጀመሩት ይሄዳሉ የሚል እምነት በውስጡ አለ። ጃንዋሪ 15 ላይ የዋጋ ቅናሽ ያበቃ ቢሆን ኖሮ እምነቱ መሠረት አይኖረውም። በሠንጠረዡ ውስጥ ከገባ በሌላ ቀለም ወይም በምልክት ይለይ።

አሁን ሌላ ሰው የሠራው ሠንጠረዥ እጃችሁ ቢገባ፣ መጠይቁን ሳታዩ ስሕተቱን እንዴት ታውቁታላችሁ? ዓይናችሁን በሰያፍ መስመሩ ላይ አሳርፉ፤ በየረድፉ መጨረሻ የሚገኙትን የመጨረሻ ሕዋሶች ማለቴ ነው። ባዶውን በዛሬ ቀን የተካ ሰው ሠንጠረዥ በየረድፉ መጨረሻ ላይ ገደል አለው፤ ረድፉ በዝግታ ሲወርድ ቆይቶ በመጨረሻዋ ሕዋስ ላይ ይወድቃል። ባዶውን «አላቋረጠም» ብሎ ያነበበው ደግሞ በዚያው ቦታ ረድፉ ጠፍጣፋ ይሆንበታል። ሦስተኛው ወር ለጃንዋሪ ምድብ 35 ወይም 67.5 ሲሆን የሚታየው ይኸው ነው።

ነገር ግን በሰያፉ ላይ የሚታይ ሁሉ ስሕተት አይደለም። የአገልግሎቱ ዋጋ በኤፕሪል መጀመሪያ ጨምሮ ቢሆን የጃንዋሪ ምድብ በሦስተኛ ወሩ፣ የፌብሩዋሪው በሁለተኛው፣ የማርቹ በመጀመሪያው ይመታሉ፤ ይህም ሰያፍ ነው። ሁለቱን የሚለየው መጠይቁን በሌላ የቅጂ ቀን ደግሞ ማስኬድ ነው። ኤፕሪል 15 የሚለውን በሜይ 15 ብትተኩት፣ የስሌት ስሕተት የፈጠረው ገደል አንድ ሕዋስ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ምንጊዜም የሚኖረው በጠርዝ ላይ ነውና። በዋጋው ጭማሪ የመጣው ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

ከዚህ የሚበልጥ ጥቅምም አለው። ከላይ ባሳየኋችሁ መጠይቅ አንድ ጊዜ የተሞላ ሕዋስ ለዘላለም ያው መሆን አለበት። ጃንዋሪ በሁለተኛ ወሩ 30 ሰዎች ነበሩት፤ በሜይ ያቋረጠ ሰው ይህንን አይለውጠውም። በሜይ ስታስኬዱት 31 ወይም 28 ከሆነ ጥፋቱ ያለው በመረጃው እንጂ በመጠይቁ አይደለም። ቁጥሩ ከጨመረ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ተመላሾች ናቸው፤ አንዳንድ ሥርዓቶች ደንበኛው ሲመለስ አዲስ ረድፍ በመክፈት ፈንታ የቀድሞውን `cancel_date` ይደመስሳሉ፤ ያኔ ሰውየው ጨርሶ ሄዶ እንደማያውቅ ይሆናል። ቁጥሩ ከቀነሰ ደግሞ ማቋረጡ ወደ ኋላ ተመልሶ ተመዝግቧል። ክፍያው ያልተሳካለት ሰው የጥቂት ሳምንት ዕድል ይሰጠውና በመጨረሻ ሲዘጋ የማቋረጫ ቀኑ ክፍያው ባልተሳካበት ዕለት ይጻፋል። ለዚህ ሁለተኛው ችግር የዕድሉን ጊዜ ያህል ቆይቶ ሕዋሱን መሙላት ይበቃል። ለመጀመሪያው ግን ከመጠይቁ ውስጥ ፈውስ የለውም፤ ሥርዓቱን ከሚያስተዳድሩት ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ከማቋረጫው ቀን ሳንወጣ፣ ቀኑ ምን እንደሚያመለክት ጠይቁ። ደንበኛው ማቋረጫውን የተጫነበት ቀን ነው ወይስ የከፈለበት ጊዜ ያለቀበት? ጃንዋሪ 5 ጀምሮ ፌብሩዋሪ 1 የተጫነ ሰው በመጀመሪያው ትርጉም አንድ ወር አልሞላውም። በሁለተኛው ቀኑ ፌብሩዋሪ 5 ይሆናል፤ በ`>` ምክንያት አሁንም በአንደኛው ወር አይቆጠርም። ሁለቱ ትርጉሞች በዚህ መጠይቅ መስማማታቸው ምልክቱን እንዲያ ከመረጥሁባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። `>=` ቢሆን ይለያዩ ነበር።

ለአገራችን መረጃ ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። ቋቱ ሰዓቱን በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚያስቀምጥ ከሆነ አዲስ አበባ በሦስት ሰዓት ትቀድመዋለች። ፌብሩዋሪ 1 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የተመዘገበ ሰው በቋቱ ውስጥ ጃንዋሪ 31 ሆኖ ይገኛል፤ ምድቡም ይለወጣል። ወደ ቀን ከመቀየራችሁ በፊት `AT TIME ZONE 'Africa/Addis_Ababa'` ጨምሩበት። ሁለተኛው፣ ምድቦቹን በእኛ ወሮች መክፈል የሚፈልግ ሰው ጳጉሜን የተባለች የአምስት ወይም የስድስት ቀን ምድብ ያጋጥመዋል። ሰዎቿ ጥቂት ስለሚሆኑ መቶኛዋ ያለ ምክንያት ይዘልላል። ከነሐሴ ጋር መቀላቀል ይሻላል፤ የቆይታውን እርምጃ ደግሞ በ`INTERVAL '1 month'` ፈንታ በ30 ቀን መቁጠር ይገባል፣ ያኛው የጎርጎርዮስን ወር እንጂ የእኛን አያውቅምና።

በቀረን ጊዜ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።